ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ደረጃ በደረጃ እንዴት ይመረመራል?

በመጀመሪያ ትኩሳቱ በቴርሞሜትር ይረጋገጥ። በተደጋጋሚ ሲለካ 38.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየና መደበኛው ምርመራ መንስኤውን ካላሳየ «ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ይባላል።

ቀጥሎ በሽተኛው እስካሁን የወሰዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ ይመዝገቡ። በጅማ ዙሪያ ከሚመጡ በሽተኞች ብዙዎቹ የወባና የታይፎይድ መድኃኒት ወስደው ነው የሚደርሱት። በእኔ እምነት አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የዊዳል ምርመራ ለታይፎይድ ማስረጃ ሊሆን አይገባም፤ የቀድሞ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የደም ካልቸር ከአንቲባዮቲክ በፊት ይወሰድ፤ አለበለዚያ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሊሰወር ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ታሪክ መጠየቅ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። አንድ የ26 ዓመት ወጣት 5 ሳምንት አተኩሶት፣ ክብደቱ ቀንሶ መጣ። ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ሥር 9 ሴንቲሜትር ወርዶ ይዳሰሳል፤ ነጭ የደም ሴሉ 1,800፣ ሄሞግሎቢኑ 7.6፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌቱ 38,000 ነበር፤ ሦስቱም ከመደበኛው በጣም ያነሱ ናቸው። «የት ነው የምትኖረው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «እዚሁ ጅማ» አለኝ፤ እኔም በዚያ ተወሁት።

እነዚህ ምልክቶች ሦስቱንም የመንስኤ ወገኖች ያስጠረጥራሉ። ከኢንፌክሽን በኩል በሰውነት የተሰራጨ ቲቢ፣ ኤችአይቪና በጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣው ካላዛር፣ ከካንሰር በኩል ሊምፎማና የደም ካንሰር፣ ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃባቸው የብግነት በሽታዎች በኩል ደግሞ ሉፐስ ይታሰባሉ። እኔ ወደ ሊምፎማ አዘነበልኩና የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን ልጀምርለት ተቃርቤ ነበር። ናሙና ሳይወሰድ ይህን መድኃኒት መጀመር ሊምፎማን ከምርመራ ይሰውራል፤ ቲቢንና ካላዛርን ደግሞ ያባብሳል።

በ4ኛው ቀን ጥያቄዬን ለውጬ «ወንድሜ፣ ባለፈው ዓመት የት የት ሠርተሃል?» አልኩት። «መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ነበርኩ ዶክተር፤ የምናድረውም ሜዳ ላይ ነበር» አለኝ። መተማ ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ያለበት ቆላ ነው፤ በሽታውም ከንክሻው በኋላ ብዙ ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መኖሪያን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን አንድ ዓመት ተኩል የሥራና የአዳር ቦታ ወር በወር ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። የካላዛር ፈጣን ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነ። ፕሌትሌቱ ከ40,000 በታች ስለነበር፣ ደም እንዳይፈስበት ናሙናው ከጣፊያ ሳይሆን ከአጥንት መቅኒ ተወስዶ ተሕዋሲው በማይክሮስኮፕ ታየ። የኤችአይቪ ምርመራው ነጋቲቭ ነበር፤ ሁለት መርፌዎች ተጣምረው ለ17 ቀናት ተሰጡት፤ ትኩሳቱም በመጀመሪያው ሳምንት ለቀቀው። ፈጣን ምርመራው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ትኩሳቱ ቢመለስ ዳግም ማገርሸቱ የሚረጋገጠው በአዲስ ናሙና ነው።