የጠላቂን ጋዝ ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቅይጥ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ጋዝ ሌሎቹ የሌሉ ያህል የራሱን ግፊት ያሳርፋል። ይህ ከፊል ግፊቱ ነው፤ የሚገኘውም ጠቅላላውን ግፊት በጋዙ ድርሻ በማባዛት ነው። ሰውነታችንን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ይህ ቁጥር እንጂ መቶኛው አይደለም።

ከፍታ ላይ የኦክስጅን መቶኛ ይቀንሳል ማለት። አይቀንስም። አዲስ አበባም ሆነ ቀይ ባሕር ዳር አየሩ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ጠቅላላው ግፊት ነው፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ 1 ባር የነበረው አዲስ አበባ ላይ ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። የኦክስጅኑ ከፊል ግፊትም ከ0.21 ወደ 0.16 ባር ዝቅ ይላል። ከቆላ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና የሚተነፍሰው ለዚህ ነው።

ከውሃው በላይ ያለውን አየር መርሳት። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ይጨምራል። 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ የሚባል የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቅይጥ ይዞ 40 ሜትር የሚወርድ ሰው 4 × 0.32 = 1.28 ብሎ ያሰላል እንበል። ጠላቂዎች በብዛት ከሚጠቀሙበት የ1.4 ባር ገደብ በታች ስለሆነ ደህና ይመስላል። ግን ከውሃው በላይ ያለው አየርም 1 ባር ይጫናል፤ ትክክለኛው 5 × 0.32 = 1.6 ባር ነው። ኦክስጅን ሲበዛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያንፈራግጥ ይችላል፤ ያኔ መተንፈሻው ከአፍ ይወጣና ጠላቂው ይሰጥማል። የጥልቀት ገደቡን ለማግኘት 1.4ን ለ0.32 ያካፍሉ፤ ከሚመጣው 4.375 ላይ 1 ቀንሰው በ10 ያባዙ። 33.75 ይሆናል፤ ወደ ታች አጠጋግተው 33 ሜትር ይያዙ።

በሲሊንደሩ ጌጅ ማስላት። 200 ባር አየር ውስጥ ኦክስጅኑ 42 ባር ነው፤ ጠላቂው ግን ይህን አይተነፍስም። ሬጉሌተሩ ግፊቱን በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር ያስተካክለዋል። 20 ሜትር ላይ 3 × 0.21 = 0.63 ባር ብቻ ይደርሰዋል።

ሲሞሉ፣ በአየሩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አለመቁጠር። እጅግ አደገኛው ይህ ነው። ባዶ ሲሊንደር ላይ 200 ባር ባለ 32 በመቶ ናይትሮክስ ለማዘጋጀት 64 ባር ኦክስጅን ያስፈልጋል። ታዲያ 64 ባር ንጹሕ ኦክስጅን ሞልተው በላዩ 136 ባር አየር ቢጨምሩ፣ አየሩ ራሱ 28.6 ባር ኦክስጅን ይዞ ይመጣል። ድምሩ 92.6፣ ማለትም 46 በመቶ ይሆናል። በዚህ ቅይጥ 30 ሜትር መውረድ 1.85 ባር ኦክስጅን መተንፈስ ነው። ትክክለኛው ስሌት 200 × (0.32 − 0.21) ÷ 0.79 ነው፦ 28 ባር ያህል ኦክስጅን፣ ከዚያ 172 ባር አየር። ኦክስጅኑ በዝግታ ይግባ፤ ሲሊንደሩና ቫልቩም ለኦክስጅን አገልግሎት የጸዱ ይሁኑ፣ የቅባት ርዝራዥ እሳት ያስነሳልና።

ሲሞላ የሞቀው ሲሊንደር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚወርድ፣ ጌጁን ከቀዘቀዘ በኋላ ያንብቡ። የኦክስጅን መለኪያውን መጀመሪያ ተራ አየር ላይ 20.9 እንዲያነብ አስተካክለው ቅይጡን ይለኩ፤ መቶኛውንና የጥልቀት ገደቡን ሲሊንደሩ ላይ ይጻፉ።