ሳምንት 1 የቱ ነው? ፔይሮል ጃንዋሪ ላይ ሲዛነፍ

ምልክቱ

ዓመቱን ሙሉ ያለ ኮሽታ የሠራው ፔይሮል ጃንዋሪ ላይ ድንገት ይዛነፋል። ኦቨርታይም የሠራው ሰው ሳይከፈለው ይቀራል፣ እረፍት ላይ ለነበረው ደግሞ ይከፈላል። ፋይሉን ማንም አልነካውም።

አንድ ጀርመን ያለ ቡድን የ2027ን «ሳምንት 1» የሥራ ሰዓት አሜሪካ ላለ ደሞዝ ክፍል ላከ እንበል (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለላኪው ሳምንቱ ከሰኞ ጃንዋሪ 4 እስከ እሑድ ጃንዋሪ 10 ነው። ተቀባዩ ጋ ግን ሳምንት 1 ዲሴምበር 27 ጀምሮ ጃንዋሪ 2 አልቋል። ሰዓቱ ባለፈው ሳምንት ላይ ተመዘገበ ማለት ነው።

ምክንያቱ

ጀርመን የምትከተለው አይኤስኦ 8601 የተባለውን ደረጃ ነው። ሳምንቱ ሰኞ ይጀምራል፤ ሳምንት 1 የሚባለውም የዓመቱ የመጀመሪያ ሐሙስ ያለበት ነው። በአሜሪካ ልማድ ሳምንቱ እሑድ ይጀምርና ጃንዋሪ 1 የዋለበት ሳምንት፣ አንድ ቀን ብቻ ቢተርፈው እንኳ፣ ሳምንት 1 ይሆናል። የኤክሴል `WEEKNUM` ካልነገሩት በቀር የሚቆጥረው እንዲህ ነው።

ታዲያ አምና ለምን ሠራ? ጃንዋሪ 1 2026 ሐሙስ ስለነበረ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሁለቱ ቁጥር አንድ ነበር፤ የሚለያዩት እሑድ ብቻ ነው፣ እሑድ ደግሞ ብዙ ቢሮ ዝግ ነው። በ2027 ጃንዋሪ 1 ዓርብ ይውላል። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሲውል ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል።

የእንግሊዝ የግብር ሳምንት ከነጭራሹ ሌላ ነው። ሳምንት 1 በየትኛውም ቀን ቢውል ከኤፕሪል 6 እስከ 12 ነው። ከካላንደሩ ሳምንት ጋር ላስታርቀው ብለው አይድከሙ።

መፍትሄው

መጀመሪያ ሲስተሙ በየትኛው እንደሚቆጥር ይወቁ። ጃንዋሪ 3 2027ን ይስጡት። 53 ካለ አይኤስኦ ነው፤ 2 ካለ የአሜሪካው ነው። 1 ካለ ሰኞ ይጀምራል፣ ግን ከጃንዋሪ 1 ይቆጥራል።

ከዚያ ሁለቱም ወገን አንድ ቀመር ይያዝ፦

```
=ISOWEEKNUM(A2)
=YEAR(A2-WEEKDAY(A2,2)+4)
```

ሁለተኛው መስመር ሳምንቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይነግራል። ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጃንዋሪ 1 2027 በአይኤስኦ የ2026 ሳምንት 53 ነው። ዓመቱን በተራ `YEAR` ካወጡት «2027 ሳምንት 53» ይልዎታል፤ 2027 ደግሞ 53ኛ ሳምንት የለውም። ሲስተሙ መዝገቡን ይመልሰዋል፣ ወይም ዝም ብሎ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይጥለዋል።

እኔ ግን በሳምንት ቁጥር ብቻ መላክን አልወድም። ከቁጥሩ ጎን ሳምንቱ የጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን ያስገቡ፤ ክፍያው የሚሰላውም በቀኖቹ ይሁን።