ሮቶ ስታስተክሉ የትርፍ ውሃ ማስወጫውን አትርሱ

ኮምቦልቻ ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሮቶውን ክዳን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ጨረስኩ ይላል። ትንኝ ግን ክፍት በቀረው የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦ ሰተት ብላ ትገባለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ደግሞ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ እዚሁ ቅርባችን ባቲም ተገኝታለች።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የመስኮት ወንፊት ቁረጡ፣ የቱቦውን አፍ ሸፍኑበት፣ በፋሸታ አጥብቁት። በማጣበቂያ አትለጥፉት፤ አቧራ ሲደፍነው ፈትታችሁ ማጠብ አለባችሁ። ከተደፈነ ትርፍ ውሃው በክዳኑ በኩል ይፈስሳል፤ በዚያ ታውቁታላችሁ። ውሃ ማስገቢያው ቱቦ ዙሪያ ክፍተት ካለም ድፈኑት። የሽንት ቤት ማስተንፈሻው ጫፍም ያው ወንፊት ያስፈልገዋል።

አሁን ያለውን ሮቶ ለመፈተሽ ክዳኑን ክፈቱና ባትሪ አብሩበት። እየተጥመለመለ ወደ ታች የሚጠልቅ ትንሽ ትል ካያችሁ እጭ ነው። በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ትንኝ ሆኖ ይወጣል። ውሃውን ድፉ፣ ውስጡን ፈትጋችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ወንፊቱን ግጠሙ።