ቅዳሜ ተዘምሮ እሁድ ድምፅ ሲዘጋ፦ የ12 ደቂቃ ማሟሟቂያ

ደብረ ብርሃን ላይ የቅዳሜ የመዝሙር ጥናት ሲጀመር ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰዉ ነጠላውን አፍና አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ይመጣል። አዳራሹም ከውጭው አይሻልም። ከዚያ ከበሮው ይመታና ሁሉም ባለ በሌለ ድምፁ ይጀምራል።

አጠገቤ የምትዘምር አንዲት እህት ነበረች። እሁድ ጠዋት ድምፅዋ ጎርነን ይልና ከፍ ያለው ዜማ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ብቻ ይወጣታል። «ብርድ መታኝ» ትላለች። ብርዱም ድርሻ አለው። ዋናው ችግር ግን ስድስት ቀን ዘፈን ያልነካው ድምፅ በሰባተኛው ቀን ድንገት ለሁለት ሰዓት ሙሉ ኃይሉን መጠየቁ ነበር። ሴት ስታወራ ማንቁርቷ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ከፍ ባለ ዜማ ደግሞ ቁጥሩ በብዙ ይጨምራል። ደርቀው ወይም ሳይሟሟቁ ሲጋጩ ያብጣሉ።

መጀመሪያ ውሃ። የጠጣነው ውሃ አውታሮቹን አይነካቸውም፤ የሚወርደው በምግብ መውረጃው ነው። እነሱ የሚረጥቡት ሰውነት ውሃውን ካዳረሰ በኋላ ስለሆነ ጥናት ሲጀመር መጎንጨት ዘግይቷል። ጥናቱ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው መጠጣት ጀምሩ። ጾም ከሆነና ውሃ የማትቀምሱ ከሆነ ማታውኑ በደንብ ጠጡ። ከጥናቱ በፊት ደግሞ ፊታችሁን ከሙቅ ውሃ ራቅ አድርጋችሁ እንፋሎቱን ለጥቂት ደቂቃ በአፍንጫ ሳቡ። እንፋሎት አውታሮቹ ድረስ ይደርሳል።

ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ሦስት ደቂቃ። ቆማችሁ መዳፋችሁን የታችኛው የጎድን አጥንታችሁ ላይ አሳርፉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ። ጎናችሁ ወደ ውጭ ሲሰፋ መዳፋችሁ ይነግራችኋል። ትከሻችሁ ከተነሳ ተበላሽቷልና እንደገና ጀምሩ። ከዚያ «ስስስ» እያላችሁ እስከ 12 ቁጠሩ። ድምፁ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው እኩል ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ፈንድቶ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አየሩን ቶሎ እየጨረሳችሁት ነው። በሳምንታት ውስጥ ወደ 20 ታደርሱታላችሁ። ደረታችሁን ግን እስኪወጠር አትሙሉት፤ ያኔ አንገት መጨነቅ ይጀምራል። ከተማው 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። ከጎን ካለው ሰው ጋር ተነጋግሮ የተለያየ ቦታ ላይ መተንፈስ ነው፤ ዜማውም አይቆረጥም።

አሁን ወደ ድምፅ። ከሁሉም የምወደው ስትሮ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ውሃ ሙሉና ስትሮውን ከውሃው ወለል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉት። «ኡ» እያላችሁ በስትሮው ንፉ። ውሃው እኩል ሲፈላ ድምፃችሁን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱ። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። አፍ ሲጠብ አየሩ በከፊል ወደ ኋላ ይገፋና አውታሮቹ ብዙ ሳይጋጩ ይንቀጠቀጣሉ። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም ስንስቅ ውሃው ልብሳችን ላይ ፈሷል። ስትሮ ከሌለ ከንፈርን እንደ ሞተር «ብርርር» ማድረግም ይሆናል።

ከዚያ አፍ ዘግታችሁ ሦስት ደቂቃ «እምም» እያላችሁ የለመዳችሁትን ዜማ አንጎራጉሩ። ከንፈራችሁንና አፍንጫችሁን ሲነዝራችሁ ልክ ነው፤ ጉሮሯችሁን ከተሰማችሁ ዝቅ አድርጉት።

የመጨረሻዋ ደቂቃ ለፈተና ትሁን። ከፍ ያለች አጭር ዜማ በጣም በቀስታ ዘምሩ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ድምፁ ወዲያው ከወጣ ደህና ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ ወጥቶ ድምፁ ከዘገየ አውታሮቹ ላይ እብጠት ሊኖር ይችላል። ጮክ ብሎ መዘመር እብጠትን ይሸፍናል፤ ቀስታው ያጋልጠዋል። ይህንኑ ከጥናቱ በኋላም ድገሙት።

ያቺ እህት ይህን ስታደርግ ከጥናት በፊት ጥሩ ነበረች፤ ከጥናት በኋላ ግን ድምፅዋ ዘገየ። ስናየው የቆመችው ከከበሮው አጠገብ ነው። ራሷን ለመስማት ትጮህ ነበር። ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ሄደች፤ ዜማ ሲጠና ከበሮው እንዲቆም፣ የሚመታው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተስማማን። በሦስተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት ከፍ ያለውን ዜማ አወጣችው።

ድምፅ በተዘጋ ቀን ማንሾካሾክ አያሳርፍም፤ ብዙዎች ሲያንሾካሹኩ ጉሮሯቸውን ይጨቁናሉ። ዝም በሉ ወይም በቀስታ አውሩ። ጉሮሮ መጥረግም አውታሮቹን እርስ በርስ ማማታት ነውና ምራቅ ዋጡ። የሚያቀዘቅዝ ከረሜላ ሕመሙን ብቻ ስለሚያደነዝዝ እሱን ይዞ መዘመር ያታልላል። ጉርናኔው ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም እየዘመራችሁ ድምፃችሁ ድንገት ጥፍት ካለ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ማንቁርታችሁን ይይላችሁ።