የሻገተ ፎርማጆና አይብ፦ በፎቶ ስንፈርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት በቴሌግራም አንድ ፎቶ መጣልኝ። የላከው ድሮ የምግብ ዝግጅት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ፒዛ ቤት ከፍቷል። ፎቶው ላይ መክተፊያ ላይ የተቀመጠ ድፍን ፎርማጆ ይታያል። አንዱ ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል አረንጓዴ ነገር አለበት። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይጣል ወይስ ይቆረጥ?» ብሎ ጽፏል።

እንዲህ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ፎርማጆ ውድ ስለሆነ መጣሉ ያንገበግባል፣ ይገባኛል። አይብም ቢሆን ወተቱ ተንጦ፣ አሬራው ተሞቆ፣ ተጠልሎ የመጣ ልፋት ነው። ግን የሚጣለውንና የሚተርፈውን ስንለይ ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች አሉ።

አንድ ፎቶ አይቶ መፍረድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በፎቶ የምናየው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም የሻጋታው ዘር ነው። ሻጋታው ራሱ ቀለም የሌላቸው ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ እነሱ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ካሜራ ዘሩን እንጂ ክሩን አያሳይም። ስለዚህ «ትንሽ ነጥብ ናት» የሚለው ወሬ ስለ ላዩ ብቻ ነው የሚነግረን።

ሌላው ችግር ፎቶው የሚያሳየው አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ለልጁ ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ሌላ ፎቶ እንዲያነሳ ነገርኩት። መጀመሪያ መጠቅለያውን ሙሉ በሙሉ እንዲያወጣ። ከዚያ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስድስቱንም ጎን አንድ በአንድ እንዲያነሳ። ፍላሽ እርጥቡን ገጽ ያበራውና ነጩን ሻጋታ ይደብቃል። ቢጫ አምፖል ደግሞ ሰማያዊውን ቀለም ያደበዝዘዋል። የስልኩን የማሳመሪያ ፊልተር እንዲያጠፋም ነገርኩት፤ ፊት የሚያለሰልሰው ነገር የሻጋታ ጸጉርንም ያለሰልሳል። አንድ ፎቶ ደግሞ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ከጎን እንዲያነሳ ጠየቅሁት። ሻጋታ ጸጉር አለው። ከላይ ሲነሳ ጠፍጣፋ ቀለም ይመስላል፣ ከጎን ሲነሳ ግን ቆሞ ይታያል። አጠገቡም ማስመሪያ ያስቀምጥ አልኩት።

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። በሌላኛው ጫፍ፣ ከታች በኩል ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ውስጥ ክር የመሰለ አረንጓዴ መስመር ይታያል። የመጀመሪያውን ፎቶ ብቻ አይቼ «ቁረጥና ተጠቀም» ብለው ኖሮ ይሄ ክፍል ፒዛ ላይ ይገባ ነበር።

አንዱ ጎን ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። እሱ ከሁሉም በላይ የፈራው እነዚህን ነው። ከጎን በተነሳው ፎቶ ግን ጸጉር የላቸውም። በጣትህ ጫፍ ጫን በል አልኩት። «እንደ ጨው ይቆረቁራል» አለኝ። ይሄ ሻጋታ አይደለም። በቆየ ቼዳርና ፓርሜዛን ላይ የሚወጣ ነጭ ቅንጣት ነው፤ ከካልሲየም ወይም ከፕሮቲን የሚሠራ ክሪስታል ነው፣ ይበላል። ሻጋታ ሲነካ ለስላሳ ነው፤ ይታሻል፣ ይለጠፋል።

ነጥቧን ብቻ ፍቆ ማውጣት

ብዙ ሰው ሻጋታውን በቢላ ጫፍ ጫር ያደርገዋል፣ ወይም በውሃ ያጥበዋል። ዘሩ ይሄዳል፣ ክሩ ይቀራል። ውሃው ደግሞ የተረፈውን ዘር በሙሉው ፎርማጆ ላይ ያዳርሰዋል።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለጠንካራ ቺዝ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ከሻጋታው ዙሪያም ከሥሩም ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ቆርጦ መጣል፣ ቢላውንም ከሻጋታው ጋር አለማነካካት። ይሄ የሚሠራው ጠንካራ ፎርማጆ ደረቅና እምቅ ስለሆነ ነው። ክሩ እንደልቡ አይሄድበትም። ቼዳር ውስጥ ያለው ውሃ ከክብደቱ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ፓርሜዛን ከዚያም ያነሰ ነው።

የልጁን ፎርማጆ በስልክ አብረን ቆረጥነው። ርዝመቱ 14 ሴንቲሜትር ነበር። የመጀመሪያው ነጥብ ከጫፉ ጀምሮ እስከ 2 ሴንቲሜትር ይደርሳል። 2.5 ሲጨመርበት 4.5 ይሆናል። ነጥቧን ጉድጓድ አድርጎ ከማውጣት ጫፉን በሙሉ እንዲቆርጠው ነገርኩት። ጉድጓድ ሲቆፈር ቢላው በግድ ሻጋታውን ይነካል፣ ጥልቀቱንም መለካት ያስቸግራል። በሌላው ጫፍ ስንጥቁ እስከ 3 ሴንቲሜትር ገብቷል፤ ስለዚህ 5.5 ተቆረጠ። ከ14 የተረፈው 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አዘነ፣ እኔም አዘንኩ። ስንጥቅ ግን አየርንም ዘርንም ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው፤ ልኬቱ ከላይ ካለው ቀዳዳ ሳይሆን ስንጥቁ ካለቀበት ይጀምራል።

በሁለቱ ቁርጦች መሀል ቢላውን በሳሙና አጠበ፣ መክተፊያውንም ገለበጠ። ከዚያ አዲስ የተቆረጡትን ሁለት ገጾች ፎቶ ላከልኝ። የስንጥቁ ምልክትም ሆነ ቀለም የለም። በአንዱ ገጽ ላይ ቢኖር ኖሮ ሌላ 2.5 እንቆርጥ ነበር፣ ያ ማለት ደግሞ የሚተርፈው 1.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው ማለት ነው።

የፎርማጆን ሕግ ለአይብ መጠቀም

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የጎረቤቴ እማማ ባለፈው በልጃቸው ስልክ የአይብ ፎቶ ላኩልኝ። ገበያ በኮባ ተጠቅልሎ የመጣ አይብ ነው። «ላዩን በማንኪያ ገፍፌ ጣልኩት ልጄ፣ ሥሩ ነጭ ነው» አሉኝ። እውነትም ፎቶው ላይ ነጭ ነው። ግን ነጭ ሻጋታ በነጭ አይብ ላይ በፎቶ አይለይም። እዚህ ላይ የትኛውም ካሜራ አይረዳንም።

አይብ ከክብደቱ አራት እጅ ሦስቱ በላይ ውሃ ነው። ፍርፍር ስለሆነም በየፍርፍሩ መሀል አየር አለ። ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ላይ ላይ ነጥብ ሲታይ ክሩ ወደ ታች ወርዷል ብሎ መውሰድ ነው የሚያዋጣው። ከሻጋታው ጋር ባክቴሪያም አብሮ ሊያድግ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ቀለም የለውም። «እማማ፣ ይጣሉት፤ ለልጆቹም እንዳይሰጡብኝ» አልኳቸው። ቅር አላቸው፣ ግን ደፉት።

ሪኮታ፣ ክሬም ቺዝ፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ሞዛሬላ ሁሉ ከአይብ ወገን ናቸው። ነጥብ ከታየ ሙሉው ይጣላል። ጎመን ወይም ቅመም የተቀላቀለበት አይብም እንደዚያው፤ እሱማ ማንኪያ በየቦታው ገብቶበታል፣ ሻጋታው የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም።

ለፒዛ የሚሸጠው ደረቅ ሞዛሬላ መሀል ላይ ያለ ነው። ድፍኑ ጠጣር ከሆነና አንድ ነጥብ ብቻ ካለበት አንዳንዱ እንደ ፎርማጆ ይቆርጠዋል። እኔ ለደንበኛ በሚቀርብ ምግብ ላይ አልፈቅድም። ላብ ካወጣ ወይም ሲጫን ከሰረጎደ ደግሞ ቤት ውስጥም ቢሆን ይጣል።

የተፈቀፈቀውን መልቀም

ፎርማጆ ጠንካራ ስለሆነ ከተፈቀፈቀም በኋላ ሕጉ ያው ይመስለናል። አይደለም። 2.5 ሴንቲሜትር የሚለካው ከድፍን ነገር ላይ ነው። የተፈቀፈቀ ወይም በስሱ የተቆራረጠ ፎርማጆ ውስጥ ሻጋታ ከታየ፣ በአንድ ፌስታል ወይም ዕቃ ውስጥ ያለው በሙሉ ይጣላል። ጥቂቱን ለቅሞ ማውጣት ዘሩን ማማሰል ነው።

«እሳት ይገድለዋል» ማለት

ፒዛ ቤት ውስጥ ይሄን አዘውትሬ እሰማለሁ። እሳቱ ሻጋታውን ይገድላል፣ እውነት ነው። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመርቱት መርዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙው በምግብ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። ስለዚህ የሚጣለውን ወደ ፉርኖ መላክ መፍትሔ አይሆንም። መርዝ ይኑር አይኑርም ፎቶ አያሳይም፣ ቀለሙም አይናገርም። ጥቁሩ መጥፎ፣ ነጩ ደህና የሚባል ነገር የለም።

አፍንጫን ማመን

ፎቶው ካልለየለት ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ማሽተት ነው። የሻገተ ነገር አፍንጫ ላይ አይጠጋም። ዘሩ ይተነፈሳል፤ አስም ወይም አለርጂ ያለበትን ሰው ክፉኛ ሊያስቸግር ይችላል። ሲጣልም ቀስ ተብሎ በፌስታል ይቋጠር፣ አይራገፍ።

ነፍሰ ጡር፣ በሕመም ወይም በመድኃኒት አቅሙ የደከመ ሰው፣ ለሻጋታ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ የተቆረጠውን ፎርማጆ እንኳ ባይሰጣቸው እመርጣለሁ።

ሆን ተብሎ ሻጋታ የገባባቸው ቺዞችም አሉ፤ ሰማያዊ ደም ሥር ያለው ሮክፎርና ነጭ ቆዳ ያለው ብሪ። እነሱ ላይ ያለው ሻጋታ ተመርጦ የገባ ነው። ሌላ እንግዳ ቀለም ከወጣባቸው ግን ለስላሳዎቹ ይጣላሉ።

በድሮው ፌስታል መልሶ መጠቅለል

ልጁ የተረፈውን 4 ሴንቲሜትር አንስቶ ወደዚያው ፌስታል ሊመልሰው ሲል ያዝኩት። ፌስታሉ ውስጡን በዘር የተሞላ ነው። በንጹሕ የዳቦ ወረቀት ጠቅልሎ በአዲስ ዕቃ አደረገው። የፍሪጁን መደርደሪያ በሳሙና አጥቦ አደረቀ። ላቡ ፎርማጆው ላይ እንዳይንጠባጠብ ወረቀቱ በረጠበ ቁጥር ይቀየራል።

አንድ ነገርም ጠየቅሁት፦ «መብራት ጠፍቶ ነበር?» ሐሙስ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ነበር አለኝ። ጠንካራ ፎርማጆ ጥቂት ሰዓት ይችላል። በዚያው ፍሪጅ የነበረውን ክሬም ቺዝ ግን፣ ነጥብ ባይታይበትም፣ እንዲጥለው ነገርኩት። ፎቶውን ልላክልሽ ብሎ ነበር። አያስፈልግም አልኩት፤ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ለስላሳ ቺዝ በፎቶ አይፈረድም።