ዳገት ላይ ጉልበት የምታጣ የናፍጣ መኪና፣ እኔ የፈታሁት እንዲህ ነው

ነዳጅ በቀዳሁ ማግስት መኪናዋ ሜዳ ላይ ምንም ሳትሆን ዳገት ስትጀምር ጉልበት ታጣለች፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጁን እስከ ታች ብረግጥም ወይ ፍንክች፣ ትንሽ አቁሜ ሳስነሳት ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ትሻላለች (ያኔ ነበር የናፍጣ ፊልትሮውን መጠርጠር የነበረብኝ)። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የኖዝል ማጽጃ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም።

የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትቼ ውስጡ ያለውን ናፍጣ ጠርሙስ ውስጥ ስገለብጠው ከስር ውሃ ተኛ፣ ከሱ በላይ ጥቁር ዝቃጭ። አዲስ ገጠምኩ፣ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር እየተጫንኩ አየሩን አወጣሁ፣ ዳገቱን በረረችበት። ግን በ3 ቀኑ ተመለሰባት! ቆሻሻው ለካ የነዳጅ ጋኑ ውስጥ ነው። ጋኑን አውርጄ አራገፍኩ፣ አጠብኩ፣ በደንብ አደረቅኩ፣ ፊልትሮውን ድጋሚ ቀየርኩ፣ ከዛ ወዲህ ሰላም ነች።