ከጋቢና ሲወርዱ አልቀና የሚል ወገብ

ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ጭነት ይዞ የመጣ ሹፌር ለምሳ ሚሌ ላይ ሲቆም፣ ከጋቢናው ወርዶ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ጎንበስ ብሎ የሚራመድ ከሆነ፣ ቀና ሊል ሲሞክርም ብሽሽቱ አካባቢ ወጥሮ የሚይዘውና ትንሽ ሲንቀሳቀስ የሚለቀው ከሆነ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው። ብዙ ሹፌሮች ብርድ መታኝ ብለው ወገባቸውን በቅባት ያሳሻሉ፤ የሚያመው ከኋላ ቢሆንም የሚስበው ጡንቻ ግን ያለው ከፊት ነው።

ምክንያቱ

ከታችኛው የአከርካሪ አጥንት ተነስቶ በዳሌ ፊት በኩል የሚያልፍና ከጭን አጥንት ጋር የሚያያዝ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ስንቀመጥ አጥሮ ስለሚቆይ፣ ለሰዓታት ተቀምጠን በድንገት ስንቆም ቶሎ አይረዝምም፤ ስለዚህ የወገብን አጥንት ወደ ፊት ይጎትታል። ለማረጋገጥ አልጋ ጠርዝ ላይ በጀርባ ተንጋሎ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት መሳብና ሌላውን እግር ዘና አድርጎ ወደ ታች መልቀቅ ይበቃል፤ የተለቀቀው ጭን ከአልጋው ከፍ ብሎ ከቀረ ጡንቻው አጥሯል ማለት ነው።

ጥብቀቱ በግራ በኩል ብቻ ከሆነ ወንበሩን መመርመር ያስፈልጋል። ወንበሩ ወደ ኋላ በጣም ከተገፋ ሹፌሩ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ግራ ዳሌው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወገቡም ይጣመማል። በኋላ ኪስ የሚቀመጥ ወፍራም ቦርሳም ዳሌን ያዘነብላልና ይውጣ።

መፍትሄው

ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት እንደታጠፈ እንዲቀር፣ ጀርባም ከመደገፊያው እንዳይለቅ ወንበሩን ወደ ፊት ያቅርቡ። መደገፊያውን በጥቂቱ ብቻ ወደ ኋላ አዘንብለው፣ ከቀበቶ መስመር ከፍ ብሎ ባለው የወገብ ጎድጓዳ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ።

በየማረፊያው የግራ ጉልበትዎን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አንበርክከው ቀኝ እግርዎን ወደ ፊት ያስቀድሙ፤ የመቀመጫዎን ጡንቻ አጥብቀው ዳሌዎን ቀስ ብለው ወደ ፊት ይግፉና 30 ሰከንድ ይቆዩ። እግር እየቀያየሩ በየጎኑ 2 ወይም 3 ጊዜ ይድገሙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወገቡን ወደ ኋላ በመለመጥ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጡንቻው ሳይሳብ ወገቡ ይጫናል። መሳቡ ከጭን በላይ ፊት ለፊት ከተሰማዎት በትክክል እየሠሩ ነው።

ከጋቢና እንደወረዱ ወዲያው ዕቃ አያንሱ። ረጅም ሰዓት የተቀመጠ ወገብ ጅማቶቹ ላልተው ስለሚቆዩ፣ ጎማ ከመቀየር ወይም ሸራ ከመጎተት በፊት ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይገባል።

ሕመሙ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ፣ ወይም የእግር መዛል ከታየ ጭነቱን እስኪያራግፉ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ መኪናውንም ሌላ ሰው ይንዳው።